ሽበቱ ለእሱ «ግርማ ሞገስ»፣ ለእሷ «እርጅና» የሚሆነው ለምንድን ነው?

«ሴት ቶሎ ታረጃለች። ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይደረግ?»

ግማሹ እውነት ነው። የወንድ ቆዳ ወፈር ይላል። ሴት ስታርጥ ደግሞ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ እስከ 30 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ሽበት ግን ወንድ ሴት አይልም። ያው ሽበት ወንዱ ላይ ሲወጣ «አማረበት» ይባላል። ሴቷ ላይ ሲወጣ «ምነው ራሷን ጣለች?» ይመጣል። ይህን ኮላጅን አያመጣውም። ወንድ በብዛት የሚመዘነው በሥራው፣ በገንዘቡና በሥልጣኑ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ሊጨምሩ ይችላሉ። ሴት ግን በመልኳና በመውለጃ ዕድሜዋ ስትመዘን ኖራለች። ሰዓቷ ቀድሞ የሚሞላው ለዚህ ነው።

«ዕድሜ ሁሉንም ይጎዳል፣ የፆታ ነገር አይደለም»

የሚሪያም ኦራይሊን ጉዳይ እንየው። በቢቢሲ «ካንትሪፋይል» የተባለ የገጠር ፕሮግራም ታቀርብ ነበር። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ፕሮግራሙ ከእሁድ ጠዋት ወደ ምሽት፣ ብዙ ተመልካች ወዳለበት ሰዓት ሲዛወር እሷ ተቀነሰች። በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ሌሎች ሴቶችም አብረዋት ወጡ። የ68 ዓመቱ ጆን ክሬቨን ግን ቀጠለ።

እሷም ቢቢሲን ከሰሰች፤ ለችሎቱ የተናገረችው ነገር ይገርማል። ምስሉን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ኤችዲ ሲመጣ ለፊቷ ሽብሽብ እንድትጠነቀቅ ተነግሯታል። ፀጉሯ ላይ የታየውን ነጭ ነገር የምትሸፍንበት ጥቁር የሚረጭ ቀለምም ቀርቦላታል። ለክሬቨን ማን እንዲህ አለው? እኔ አልሰማሁም።

በ2011 ችሎቱ የዕድሜ መድልዎ ደርሶባታል ብሎ ወሰነ፣ ቢቢሲም ይቅርታ ጠየቀ። የፆታውን ክስ ግን ችሎቱ አልተቀበለም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሕጉ ዕድሜን ለብቻ፣ ፆታን ለብቻ ይመዝናል። ወጣት ሴቶች እስካሉ ድረስ «ሴት አንጠላም» ማለት ይቻላል። ሽማግሌ ወንድ እስካለም «እርጅና አንጠላም» ማለት ይቻላል። ያረጀችው ሴት በመካከል ትወድቃለች። የብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግ ሁለቱን አጣምሮ ለመክሰስ የሚያስችል አንቀጽ ነበረው። ለዓመታት ሳይተገበር ተቀምጧል።

«ቀለም ትቀባ፣ ክሬም ትጠቀም፣ ያልፋል»

በመጀመሪያ ነገር፣ ስትቀባም አትተርፍም። «ልጅ ልምሰል ትላለች» ትባላለች። ሁለተኛው ይብሳል። የአሜሪካ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ በላይ የፈጠራ የሥራ ማመልከቻዎችን ለእውነተኛ ቀጣሪዎች ላኩ። ዕድሜውን የሚጠቁመው ትምህርት የተጨረሰበት ዓመት ነበር። በ60ዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች ሴት ከወጣቷ በጣም ባነሰ ቁጥር ተጠራች። በወንዶቹ ላይ የታየው ልዩነት እንደዚያ የጠነከረ አልነበረም። ማመልከቻው ላይ ደግሞ ፎቶ አልነበረም።