የሰልፊ አቫታር ምንድን ነው? ፎቶአችሁስ የሚሰረዘው መቼ ነው?

ውድ ተጫዋቾቻችን፣

በጨዋታችን ላይ «ከሰልፊ ፍጠር» የሚለውን አማራጭ ከከፈትን ወዲህ ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልን ስለ ሁለት ነገር ነው፤ የላክነው ፎቶ ምን ይደረግበታል? ከዚያስ መቼ ይጠፋል? የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት ግን አይቀየርም። ስለዚህ ፎቶአችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የት እንደሚደርስና እስከ መቼ እንደሚቆይ በዝርዝር ማወቅ ይገባችኋል። ከዚህ በታች አንድ ፎቶ ከስልካችሁ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ እስከሚሰረዝበት ሰዓት ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

የሰልፊ አቫታር ከፎቶአችሁ በተወሰዱ መለኪያዎች የሚቀረጽ፣ በጨዋታው ውስጥ እናንተን የሚወክል የ3ዲ ገጸ ባሕርይ ነው። ብዙ ሰው ፎቶው ተቆርጦ በአሻንጉሊቱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ይመስለዋል፤ እንዲህ የሚያደርጉ ጨዋታዎች አሉ፣ የእኛ ግን ከእነርሱ አይደለም። በጨዋታችን ውስጥ የሁሉም ተጫዋች ፊት መነሻው አንድ ነው፤ እኛ የቀረጽነው መካከለኛ ፊት። ይህ ፊት 64 ማስተካከያዎች አሉት፤ አንዱ አፍንጫን ያሰፋል ወይም ያጠባል፣ ሌላው አገጭን ያስረዝማል፣ ሌላው ዓይንን ከዓይን ያራርቃል። እያንዳንዱ ማስተካከያ ከ0 እስከ 100 ባለ አንድ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ከመካከለኛ ፊት ተነሥቶ ጥቂት ቁጥሮችን በመለዋወጥ የሰውን መልክ መቅረጽ በኮምፒውተር ግራፊክስ ዘርፍ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በደንብ የሚታወቅ ዘዴ ነው። ፎቶአችሁ የሚያስፈልገን እነዚህን 64 ቁጥሮችና የቆዳ ቀለማችሁን ለማግኘት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የሚከናወነው በስልካችሁ ላይ ነው። ማንኛውም የስልክ ፎቶ ከምስሉ ጋር የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የስልኩን ዓይነት፣ የአካባቢ መጠቆሚያው ክፍት ከሆነ ደግሞ የተነሣበትን ቦታ ሳይቀር ይዞ ይጓዛል። በመኖሪያ ቤታችሁ የተነሣችሁት ሰልፊ የቤታችሁን አድራሻ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። እኛ ይህንን መረጃ ከተቀበልን በኋላ ማጥፋቱን በቂ ሆኖ አላገኘነውም፤ ስለዚህ ፎቶው ከስልካችሁ ከመውጣቱ በፊት መተግበሪያው ምስሉን ረጅሙ ጎኑ ከ1024 ፒክስል እንዳይበልጥ አድርጎ ያሳንሰውና እንደ አዲስ ፋይል ይጽፈዋል። በአዲሱ ፋይል ውስጥ ከምስሉ በቀር ሌላ ነገር የለም። ወደ ሰርቨራችን የሚሄደውም በተመሰጠረ መስመር ይኸው ትንሹ ፋይል ብቻ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ በቅድሚያ በምስሉ ውስጥ ስንት ፊት እንዳለ ይመለከታል። ፊት ካላገኘ ወይም ከአንድ በላይ ካገኘ ሥራውን አቁሞ ፎቶውን ወዲያው ይሰርዛል፤ የጓደኛችሁ ፊት ያለ ፈቃዱ እንዲለካ አንፈልግምና። አንድ ፊት ብቻ ካገኘ ግን በቅንድብ፣ በዓይን ዙሪያ፣ በአፍንጫ፣ በከንፈርና በመንጋጋ መስመር ላይ በድምሩ 468 ነጥቦችን ያስቀምጣል። ከዚያም የመካከለኛውን ፊት ማስተካከያዎች የአቫታሩ ነጥቦች ከእናንተ ነጥቦች ጋር እስኪቀራረቡ ድረስ ደጋግሞ ያንቀሳቅሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንዶች ነው። 468ቱ ነጥቦች በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ ስለሚኖሩ ስሌቱ ሲያበቃ አብረው ይጠፋሉ፤ በየትኛውም ፋይል አይጻፉም።

አስቸጋሪው ክፍል የቆዳ ቀለም ነው። ፕሮግራሙ ቀለሙን የሚወስደው ከሁለቱ ጉንጮችና ከግንባር ላይ ነው፤ ነገር ግን ካሜራ የሚያየው ቆዳን ብቻ ሳይሆን ቆዳው ላይ ያረፈውን ብርሃንም ጭምር ነው። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ ሰው ከመልኩ ይልቅ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። መስኮት ከኋላው አድርጎ የተነሣ ደግሞ ካሜራው ለመስኮቱ ብርሃን ሲል ምስሉን ስለሚያጨልመው ከእውነተኛው መልኩ ሁለት ሦስት ደረጃ ጠቁሮ ይወጣል። ለዚህ ሲባል ቀለሙን በቀጥታ አንወስድም፤ በሶሲዮሎጂስቱ ኤሊስ መንክ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ከሆነው የ10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ ውስጥ ቅርብ የሆነውን ደረጃ እንመርጥና ለእናንተ እናቀርባለን፤ የመጨረሻውን ምርጫ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ቀን ላይ ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙራችሁ ብትነሡ ማስተካከያ እምብዛም አያስፈልጋችሁም። ፀጉርን ግን ጨርሶ አንለካም። ሹሩባ፣ አፍሮና ድሬድ በሚገባ የሚለይ ፕሮግራም ስላላገኘን የፀጉሩን ዓይነት ከዝርዝር ውስጥ በእጃችሁ እንድትመርጡ አድርገናል። ነጠላ ወይም ሂጃብ ለብሶ መነሣትም ችግር የለውም፤ የተሸፈነው የግንባር ክፍል በግምት ይሞላል፤ የግንባሩ ቁመት ልክ ካልሆነ ማስተካከያውን ራሳችሁ ታንቀሳቅሱታላችሁ።

አሁን ወደ ስረዛው እንምጣ። አንዲት ተጫዋች ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ሆና ሰልፊዋን ላከች እንበል። በተለመደው አካሄድ አቫታሩ ተሠርቶ ይቀርብላታል፤ እርሷም አይታ «አጽድቅ» ወይም «ተወው» የሚለውን ትጫናለች። ከሁለቱ አንዱን በተጫነችበት ቅጽበት ፎቶው ከማከማቻው ይሰረዛል። ኔትወርክ ተቋርጦባት ወይም መብራት ጠፍቶባት ሳትጫን ብትቀር ደግሞ አንድ ሰዓት ያለፋቸውን ፎቶዎች እየፈለገ የሚያጠፋ የጽዳት ፕሮግራም አለን፤ የእርሷም ፎቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በሚደረገው ጽዳት ይጠፋል።

የጽዳት ፕሮግራሙ ራሱ ቢቆምስ? እኛ ጥቂት ሰዎች ነን፤ ሌሊት የተበላሸ ነገር እስኪነጋ ሳናየው ልናድር እንችላለን። ስለዚህ ሦስተኛ መከላከያ አድርገናል። ፎቶዎቹ ለጊዜው የሚቀመጡበት የአማዞን ኤስ3 ማከማቻ አንድ ቀን የሞላውን ፋይል በራሱ እንዲያጠፋ የሚያዝ ደንብ አለው። ይሁን እንጂ ይህ «አንድ ቀን» የሚቆጠረው እንደ ልማዳችን አይደለም። ማከማቻው ፋይሉ በገባበት ሰዓት ላይ 24 ሰዓት ይጨምርና ከዚያ ቀጥሎ እስከሚመጣው የዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ድረስ ይጠብቃል፤ ያ እኩለ ሌሊት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የተጫዋቿ ፎቶ 24 ሰዓት የሚሞላው ረቡዕ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ጊዜው አበቃ የሚባለው ግን ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከተላከ ከ31 ሰዓት በኋላ ነው። ፎቶዋን ማክሰኞ ንጋት 10 ሰዓት ላይ ልካው ቢሆን ኖሮ ቆይታው ወደ 47 ሰዓት ይጠጋ ነበር። ከዚያም በኋላ ማከማቻው ፋይሎቹን በተራ ስለሚያስወግድ ጥቂት መዘግየት ሊኖር ይችላል። በስምምነታችን ላይ «ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ» ብለን የጻፍነው በዚህ ምክንያት ነው። «በ24 ሰዓት» ብንል ለጆሮ የተሻለ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በተበላሸበት ቀንም ልንጠብቀው የምንችለውን ቃል መስጠት መረጥን።

ስለ ማከማቻው ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ማከማቻዎች የፋይሎችን የቀድሞ ቅጂ የሚያስቀር አማራጭ አላቸው፤ አማራጩ ክፍት ከሆነ «ሰርዝ» የሚለው ትእዛዝ ፋይሉ የተሰረዘ እንዲመስል ምልክት ያኖርበታል እንጂ አያጠፋውም፤ የቀድሞው ቅጂ ከሥር ይቀመጣል። የፎቶዎቹን ማከማቻ ስንከፍት ይህንን አማራጭ አላበራንም፤ የመጠባበቂያ ቅጂም ከዚያ አይወሰድም። ስለዚህ ፎቶው ከተሰረዘ በኋላ እናንተ ብትጠይቁንም፣ ሌላ አካል ቢጠይቀንም መልሰን ልናመጣው አንችልም።

እኛ ዘንድ የሚቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ 64ቱ ቁጥሮች፣ የመረጣችሁት የቆዳ ቀለም ደረጃ፣ እንዲሁም ፎቶው የገባበትንና የጠፋበትን ሰዓት የሚያሳይ መዝገብ። መዝገቡ ውስጥ ፎቶው የሚጠራው ስማችሁ በሌለበት የዘፈቀደ መለያ ነው። ከ64 ቁጥሮች ተነሥቶ ፎቶውን መልሶ መሥራት አይቻልም፤ ጠባሳ፣ ማዲያት፣ የቆዳ መስመርና የዓይን አተያይ በውስጣቸው የለምና። ሆኖም የሚያውቃችሁ ሰው አቫታሩን አይቶ ሊለያችሁ ይችላል፤ መለየት ካልፈለጋችሁ አቫታሩን ለጓደኞቻችሁ ብቻ እንዲታይ አድርጉት። እነዚህን ቁጥሮች ማንነት ለማረጋገጥ፣ አንድን ሰው ከሌላው ለማመሳከር ወይም ሌላ ፕሮግራም ለማሠልጠን አንጠቀምባቸውም። መለያችሁን ስትዘጉ ወዲያው ይሰረዛሉ፤ በጨዋታው ዳታቤዝ መጠባበቂያ ውስጥ ግን መጠባበቂያው በአዲስ እስኪተካ እስከ 30 ቀን ይቆያሉ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆኑ ፎቶዎች አሉ። ከስልካችሁ ጋለሪ የመረጣችሁት ፎቶ እዚያው ጋለሪያችሁ ውስጥ ይቀራል፤ ስልካችሁ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ሌላ ማከማቻ የሚልክ ከሆነም እኛ አንደርስበትም። «አቫታሬ አልመሰለኝም» ብላችሁ ፎቶአችሁን ለድጋፍ ሰጪዎቻችን በኢሜይል ብትልኩ ደግሞ ፎቶው የሚገባው በሰዎች የመልእክት ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ከላይ ያልነው ሁሉ አይመለከተውም። እባካችሁ በኢሜይል ፎቶ አትላኩልን፤ የአቫታሩ ስክሪንሾት ይበቃናል። ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በሰልፊው አማራጭ እንዲጠቀሙ አንፈቅድም፤ የሌላን ሰው ልጅ ፎቶም አትጫኑ።

ፎቶአችሁ መጥፋቱን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በ«ቅንብሮች» ሥር «የእኔ መረጃ» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ፎቶው የገባበት ሰዓትና «ተሰርዟል» የሚል ቃል ከነሰዓቱ ይታያችኋል። ፎቶው ከገባ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላም «በመጠባበቅ ላይ» ካለ የጽዳት ፕሮግራሙ ቆሟል ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለውን «አሁን ሰርዝ» ተጫኑና አሳውቁን።

ወደፊት ፕሮግራሙን ስናሻሽል ፎቶአችሁ በእጃችን ስለማይኖር የቀድሞ አቫታራችሁን እንደ አዲስ ልናሰላላችሁ አንችልም። በአዲሱ መንገድ እንዲሠራላችሁ የምትፈልጉ አዲስ ሰልፊ መላክ ይኖርባችኋል፤ አለበለዚያ አቫታራችሁ እንዳለ ይቀጥላል።

ከጨዋታው አዘጋጆች