የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ፦ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ስናመለክት የምንሳሳትባቸው

«ቀበሌው ‹ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው› ብሎ ከጻፈልኝ ይበቃል።»

አይበቃም። አሜሪካ ተቀምጦ ፋይሉን የሚያየው ሰው የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ ቁጥር የሌለበት ደብዳቤ «ተጨማሪ ማስረጃ ላኩ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። እዚህ ጎንደር የተለመደውን ቤተሰብ እንውሰድ፤ አባት መምህር፣ እናት ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ለአባት የሚያስፈልገው ያልተጣራ ደመወዙን፣ የተቆረጠውን ግብርና ጡረታ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተከፈለው የሚዘረዝር ማህተም ያረፈበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ለእናት ንግድ ፈቃድ ካላት የግብር ደረሰኝ ይቀርባል። ከሌላት ሒሳቡን በወረቀት አስፍራ ትፈርማለች፦ በሳምንት 3,000 ብር ሸጠች፣ ለበርበሬው፣ ለእህሉና ለወፍጮው 2,300 ወጣ፣ 700 ተረፈ። በ52 ሳምንት 36,400 ብር። ብዙ ልጆች ሽያጩን እንዳለ ገቢ አድርገው 156,000 ይሞላሉ፤ እናታቸውን በአንድ መስመር ሀብታም ነጋዴ አደረጓት ማለት ነው። በጾም ወራት ሽያጩ ከፍ የሚል ከሆነም መግለጫው ላይ ይጻፍ። የቀበሌው ደብዳቤ ይህን ሲደግፍ ነው ዋጋ የሚኖረው።

«ገቢ ማለት እጃችን የሚገባው ነው።»

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ለሚያመለክት ተማሪ የሚያስሞሉት ቅጽ፣ CSS Profile፣ የሚጠይቀው ከመቆረጡ በፊት ያለውን ነው። አባት በ2024 ዓመቱን ሙሉ በወር 9,000 ብር ተከፍሎት ከነበረ፣ ግብር 1,745፣ ጡረታ 630 ተቀንሶ 6,625 ይደርሰው ነበር። ልጁ በዓመት 79,500 ሲሞላ ደብዳቤው 108,000 ይላል። ማንም አልዋሸም፣ ግን ሁለቱ ቁጥሮች እስኪታረቁ ፋይሉ ይቆማል።

«ደብዳቤው ላይ 2016 ዓ.ም. ተብሏል፣ ይሄ ምን ችግር አለው?»

እኔ ከሁሉም አስቸጋሪ የምለው ይሄን ነው። እንግሊዝኛው ትርጉም 2016ን እንዳለ ካስቀመጠው፣ አንባቢው ብዙ ዓመት ያለፈበት ወረቀት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚህም ሌላ፣ CSS Profile ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚጠይቀው የ2024ን ገቢ ነው፤ ይህ በእኛ ከታህሳስ 22 ቀን 2016 እስከ ታህሳስ 22 ቀን 2017 ድረስ ማለት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ «የ2016 በጀት ዓመት ደመወዝ» የሚል ደብዳቤ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። የአባትህን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ደመወዙን በየወሩ ዘርዝረው እንዲጽፉልህ ጠይቅ፤ በትርጉሙ ላይም ሁለቱም ቀኖች ይግቡ። የአማርኛው ቅጂ አብሮ ይላካል።

«እትዬ ከውጭ የምትልክልን ገቢ አይደለም።»

ደመወዝ አይደለም፣ ግን ከዘመድ የሚመጣ ድጋፍ በሚጠየቅበት ቦታ ይሞላል። ካልተሞላ የባንክ መግለጫው ላይ በየሁለት ወሩ የገባው ገንዘብ ራሱ ይናገራል፤ ያኔ ከየት እንደመጣ ማብራሪያ ይጠየቃል፣ መልሱ ደርሶ እስኪታይ ደግሞ ውሳኔው ይዘገያል።