«አንሰር ኪው ላይ የለም»፦ ስለ እርማት የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

«መልሱ ልክ ነው፣ የሰራበት መንገድ ግን አንሰር ኪው ላይ የለም። ስንት ልስጠው?»

ፈተና በታረመ ቁጥር ይቺ ጥያቄ አትቀርም፣ ከጠያቂው ደግሞ መላሹ ይበዛል። አንዱ «ግማሽ ስጠውና እለፍ» ይላል፣ ሌላው «መልሱ ከመጣ ሙሉ ነው» ይላል፣ ሁለቱም ግን ወረቀቱን አላዩትም። ሂሳብ አስተምራለሁ፣ በቡድንም ሲታረም ቁጭ ብያለሁ፣ እና እውነቱን ልናገርና ከተማሪ ስህተት በላይ የሚያደክመኝ አራሚ ከአራሚ እየተቀባበለ የሚያወራው ወሬ ነው። አንድ በአንድ ልሂድበት፣ ቀላሉን በአጭሩ፣ የሚያናድደኝን በረጅሙ።

«አንሰር ኪ ሕግ ነው»

አይደለም። አንሰር ኪ ማለት ጥያቄውን ያወጣው ሰው በዛን ሰዓት የመጣለት መንገድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ተቻኩሎ የጻፈው። ተማሪው ፊት ያለው ጥያቄው ብቻ ነው፣ ያላየውን ወረቀት እንዲከተል ልትጠይቀው አትችልም።

«ያላስተማርኩትን መንገድ ከተጠቀመ ግማሽ ይበቃዋል»

ይሄኛው ነው ደሜን የሚያፈላው፣ ስለዚህ በደንብ ልግባበት።

እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፣ በ5 ማርክ፦ የ f(x) = x² − 6x + 11 ትንሹን ዋጋ ፈልጉ፣ አሰራራችሁን አሳዩ። አንሰር ኪው በደሪቬቲቭ ነው የሰራው። f′(x) = 2x − 6 ለሚለው 1፣ ከዜሮ ጋር እኩል ለማድረግ 1፣ x = 3 ለማግኘት 1፣ f″(x) = 2 ስለሆነና ከዜሮ ስለሚበልጥ ነጥቡ ዝቅተኛው እንጂ ከፍተኛው አይደለም ለማለት 1፣ f(3) = 2 ለሚለው የመጨረሻው 1።

አንዷ ተማሪ ደሪቬቲቭ የሚባል ነገር ሳትነካ በሁለት መስመር ጨረሰችው። x² − 6x + 11 = (x − 3)² + 2 ብላ ጻፈች፣ ከስሩ «ስኩዌር ኔጌቲቭ አይሆንም፣ ስለዚህ ትንሹ ዋጋ 2 ነው፣ እሱም x = 3 ሲሆን» አለች። አበቃ። አብሮኝ የሚያርም ሰው 2 ማርክ ሰጣት፣ አንዱ ለ 3፣ አንዱ ለ 2፣ «ሌላው ማርክ የደሪቬቲቭ ነው፣ እሷ ጋ ደሪቬቲቭ የለም» ብሎ። ጥያቄው ላይ ደሪቬቲቭ የሚል ቃል አለ ወይ አልኩት፣ የለም። ታዲያ ምን ቀረባት?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማርኩ የሚሰጠው ለተጻፈው መስመር ይመስለዋል፣ ግን እያንዳንዱ ማርክ የሚሰጠው ተማሪው በዛ መስመር ላሳየው ነገር ነው። ስለዚህ አንሰር ኪውን ይዘህ ከእያንዳንዱ ማርክ ጎን «ይሄ ማርክ ምን ስላሳየ ነው?» ብለህ ጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማርኮች ነጥቡን የሚያስገኝ ትክክለኛ መንገድ መርጦ በትክክል ስለሄደበት ነው። ሦስተኛው ነጥቡን ስላገኘ ነው። አራተኛው ለምን ትንሹ እንደሆነ ምክንያት ስለሰጠ ነው። አምስተኛው ዋጋው ነው። አሁን ወደ ልጅቷ ወረቀት ተመለስ። ወደ ስኩዌር መቀየሯ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይሸፍናል፣ 3 አለ፣ «ስኩዌር ኔጌቲቭ አይሆንም» የሚለው ምክንያቱ ነው፣ 2 አለ። አምስት ከአምስት። እንደውም ምክንያቷ ከአንሰር ኪው ይበልጣል፣ ምክንያቱም f″ በነጥቡ ላይ ፖዘቲቭ ነው ማለት ብቻውን በዛ አካባቢ ትንሹ መሆኑን ነው የሚናገረው፣ የሷ ግን ለየትኛውም x ከ 2 በታች እንደማይወርድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። ከአንሰር ኪው የበለጠ ለሰራ ሰው ግማሽ መስጠት ምን የሚሉት እርማት ነው?

ሌላ ልጅ ደግሞ በ −b/2a ሰራው። x = 6/2 = 3፣ f(3) = 2። ልክ ነው። ግን ፓራቦላው ወደ ላይ እንደሚከፈት፣ ማለትም የ x² ኮኤፊሸንት ፖዘቲቭ መሆኑን የትም አላለም። ይሄ 4 ነው። የተለየ መንገድ ስለተጠቀመ የተቀነሰበት የመሰለው ካለ ተሳስቷል፣ በደሪቬቲቭ ሰርቶ f″ን የዘለለ ልጅም የሚያጣው ያቺኑ ማርክ ነው። በሁለቱም መንገድ አንድ አይነት ጉድለት አንድ አይነት ዋጋ ካስከፈለ እርማትህ ደህና ነው፣ ካላስከፈለ የሆነ ቦታ ላይ እያዳላህ ነው።

«መልሱ ልክ ከሆነ መንገዱ ምን አገባን»

ይሄን የሚሉት ደግሞ ደግ የሚመስሉት አራሚዎች ናቸው። ያንኑ ጥያቄ ሦስተኛ ልጅ በሰንጠረዥ ሰራው። x 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ሲሆን f(x) 6፣ 3፣ 2፣ 3፣ 6 ይመጣል፣ «ትንሹ 2 ነው» ብሎ አሰመረበት። መልሱ ልክ ነው፣ ስሌቱም አንድ ስህተት የለበትም። ሙሉ ልስጠው?

እዚህ ጋ የምጠቀምባት አንድ ፍተሻ አለች፣ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። የጥያቄውን ቁጥር ቀይርና ተማሪው በሄደበት መንገድ ራስህ ሂድበት። f(x) = x² − 5x + 7 ይሁን። ሰንጠረዡ ለ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሰጥህ 3፣ 1፣ 1፣ 3 ነው፣ ስለዚህ በዚህ ልጅ መንገድ መልሱ 1 ይሆናል። ትክክለኛው ግን x = 2.5 ላይ 0.75 ነው፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ጭራሽ የለም። የመጀመሪያው ላይ የተሳካለት ዝቅተኛው ነጥብ ሙሉ ቁጥር ላይ ስላረፈ ብቻ ነው። ለዋጋው 1፣ ነጥቡን ስላገኘ ሌላ 1፣ ከዛ በላይ የሚያሰጠው ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

ግን ቆይ፣ ሰንጠረዥ ስላየህ ብቻ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ አትምዘዝ። ያንኑ ሰንጠረዥ ሰርቶ ከስሩ «f(2) = f(4) ነው፣ ስለዚህ ፓራቦላው የሚታጠፍበት መስመር x = 3 ነው፣ ወደ ላይ ስለሚከፈት ትንሹ እዛ ነው» ያለ ልጅ ሙሉ ያገኛል። ሰንጠረዡ ያው ነው፣ ልዩነቱ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት፣ እሷን ለማግኘት ደግሞ እስከታች ማንበብ ግድ ነው።

ስለዚች ፍተሻ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰዎች ሲሰሟት አክርረው ይይዟታል። ቁጥሩ ሲቀየር የማይሰራ መንገድ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ኳድራቲክ ኢኩዌዥን በፋክተሪንግ የፈታ ልጅ ቁጥሩ ቢቀየርበት ፋክተር ማግኘት ሊያቅተው ይችላል፣ ግን ያኔ ቆሞ ይቀራል፣ መንገዱ «በኔ አይሄድም» ይለዋል። ሰንጠረዡ ግን አያቆምህም፣ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ ዝም ይላል። ማርክ የሚያስቀንሰው ይሄኛው ነው። 16/64 ላይ ከላይና ከታች ያሉትን 6 ሰርዞ 1/4 የሚያመጣ ልጅም እንደዛው፣ መልሱ ልክ ነው፣ በዛው መንገድ 26/63 ላይ 2/3 ብሎህ ቁጭ ይላል።

«ልክ እስከሆነ ድረስ በፈለገው መንገድ መብቱ ነው»

ጥያቄው መንገዱን ካልተናገረ፣ አዎ። «ደሪቬቲቭን በመጠቀም ፈልጉ» ካለ ግን የሚፈተነው ደሪቬቲቩ ነው፣ ያቺ የስኩዌር ልጅ እዛ ላይ ሙሉ አታገኝም፣ ቢያሳዝንም። «ከዚህ በመነሳት» የሚልና «ከዚህ በመነሳት ወይም በሌላ መንገድ» የሚል ጥያቄም አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው ያስራል፣ ሁለተኛው ይፈታል። በአንጻሩ «ክፍል ውስጥ በዚህ ስሩ ብያቸው ነበር» የሚባል ነገር አልቀበልም፣ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ አልተባለም።

«አሳዩ» ወይም «አረጋግጡ» የሚሉ ጥያቄዎች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። x ወደ ዜሮ ሲሄድ sin x / x ወደ 1 እንደሚሄድ አረጋግጡ ተብሎ በሎፒታል ሩል በአንድ መስመር የሚጨርስ ተማሪ አለ። ያምራል፣ ግን የ sin x ደሪቬቲቭ cos x መሆኑ በተለመደው አካሄድ የሚረጋገጠው በዚችው ሊሚት ነው፣ ስለዚህ የተጠየቀውን ነገር ተጠቅሞ የተጠየቀውን እያረጋገጠ ነው። ሊሚቱን ፈልጉ ብቻ ቢባል ኖሮ ግን ማርኩን አልከለክለውም።

«በሁለት መስመር ከጨረሰ ኮርጆ ነው»

ጥርጣሬ ካለህ ጠርተህ ጠይቀው፣ በማርክ አትቅጣው።

«ለሱ ሙሉ ከሰጠሁ ሌሎቹ ይበደላሉ»

ሌሎቹ የሚበደሉት በሌላ ምክንያት ነው። የወረቀቱ ክምር መሀል ስትደርስ ይሄ መንገድ ልክ እንደሆነ ይገባሃል፣ ከዛ ወዲያ ላሉት ሁሉ ሙሉ ትሰጣለህ፣ ከላይ ያረምካቸው ውስጥ ግን በዛው መንገድ ሰርተው 2 የሰጠሃቸው አሉ። ስለዚህ አዲስ መንገድ ስታጸድቅ አንሰር ኪው ላይ ጻፈው፣ ስቴፑን ከነማርክ ክፍፍሉ፣ ከዛ ያ ጥያቄ ላይ ማርክ ያጡትን የታረሙ ወረቀቶች ብቻ መልሰህ እይ። ሁሉንም መገልበጥ የለብህም፣ ሙሉ ያገኙት አይነኩም። በቡድን ከሆነ የምታርሙት ብቻህን አትወስን፣ እርማቱን ለሚመራው ሰው ወረቀቱን አሳየው፣ ለሁሉም አራሚ በአንድ ጊዜ ይነገር፣ አለዚያ ማርኩ የሚወሰነው ወረቀቱ በማን እጅ እንደወደቀ ነው። እና በእውነት ደሪቬቲቩን ለመፈተን ከነበረ ሀሳብህ፣ ያንተ ጥያቄ እንጂ የልጅቷ አሰራር አይደለም የተበላሸው፣ ለሚቀጥለው ፈተና «ደሪቬቲቭን በመጠቀም» የምትለዋን ጨምርበት።