የለውጥ ጥያቄ ምንድን ነው? ሥራ ተጋምሶ «ይህችን ብቻ ጨምሩልኝ» ሲባል

የለውጥ ጥያቄ በውል የተወሰነ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ደንበኛው ሌላ ነገር እንዲጨመር፣ እንዲቀነስ ወይም እንዲቀየር ሲፈልግ የሚዘጋጅ አጭር ሰነድ ነው። የተፈለገው ነገር፣ ዋጋውና የሚወስደው ጊዜ ይጻፍበታል፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል። ሥራው በጥቂት በጥቂቱ እየሰፋ ሄዶ ዋጋውና የማስረከቢያ ቀኑ ግን ባሉበት እንዳይቀሩ ይከላከላል።

በሕንጻ ግንባታ ነገሩ የቆየ አሠራር ነው። መሐንዲሱ በጽሑፍ ሳያዝዝ ግድግዳ አፍርሶ የሠራ ተቋራጭ ክፍያውን ማግኘት እንደሚቸግረው ያውቃል። ድረ ገጽ በሚሠሩ፣ በግራፊክስና በኅትመት ባለሙያዎች ዘንድ ግን ውሉ አጭር፣ ንግግሩ በስልክና በቴሌግራም፣ ግንኙነቱም የወዳጅነት ያህል ስለሚሆን ጭማሪው ሳይጻፍ ያልፋል። እዚያ ላይ ይሉኝታ ይጨመርበታል፤ ለአንዲት ነገር ብር መጠየቅ ያሳፍራል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። አንድ ባለሙያ በሐዋሳ ለሚገኝ መካከለኛ ሆቴል ድረ ገጽ ሊሠራ ተዋዋለ እንበል። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚነበቡ አምስት ገጾችና አንድ የቦታ መያዣ ቅጽ ይላል። እንግዳው ቅጹን ሲሞላ መልእክቱ ለእንግዳ መቀበያው በኢሜይል ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሠራተኞቹ በስልክ ይጨርሳሉ። ጊዜው 40 የሥራ ቀን ሲሆን ዋጋው በቀን 4,500 ብር ሒሳብ 180,000 ብር ነው። በአራተኛው ሳምንት ማምሻውን ሥራ አስኪያጇ የድምፅ መልእክት ላከች፤ «እንግዶቻችን እዚያው በቴሌብር ቢከፍሉ ጥሩ ነው። አንዲት ቁልፍ ጨምርልን።»

ለእርሷ አንዲት ቁልፍ መሆኗ እውነት ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ያ ብቻ ነውና። ከጀርባው ያለውን ግን ባለሙያው ሊነግራት ይገባል። ቅጹ መልእክት ብቻ በሚልክበት ጊዜ ክፍል መኖር አለመኖሩን የሚያጣራው ሰው ነበር። ገንዘብ ከተቀበለ ግን የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን ነጻ እንደሆነ ሥርዓቱ ራሱ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ሁለት እንግዶች ለአንድ ክፍል ይከፍላሉ። ስለዚህ ቁልፏ የክፍሎች መዝገብ ትጠይቃለች። ክፍያው መሳካቱን የሚገልጸውን ማረጋገጫ ተቀብሎ ከትክክለኛው እንግዳ ጋር የሚያገናኝ ሥራም አለ። በሆቴሉ ስም የነጋዴ አካውንት መከፈት ይኖርበታል፤ እንግዳው ቢሰርዝ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስም ሆቴሉ መወሰን አለበት። የሥራ ወሰን የሚሰፋው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፣ የሚነካካው ግን ብዙ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ፈጥኖ መድረስ አለበት፤ እሺም እንቢም ማለት ግን የለበትም። ባለሙያው በዚያው ምሽት እንዲህ ቢጽፍ ይበቃል፦ «መልእክትዎ ደርሶኛል፤ ለእንግዶችዎ በእርግጥ የሚጠቅም ሐሳብ ነው። በውላችን ውስጥ ስላልነበረ ምን እንደሚጠይቅ አይቼ ዋጋውንና ቀኑን እስከ ሐሙስ በጽሑፍ እልክልዎታለሁ። እስከዚያው የተስማማንበትን ሥራ እቀጥላለሁ።» እዚህ ውስጥ አክብሮት አለ፣ «በውላችን ውስጥ አልነበረም» የሚለው ሳይድበሰበስ ተነግሯል፣ ቀንም ተቆርጧል። ዝምታ እንደ እሺታ እንደሚቆጠር፣ «እናያለን» የሚለውም ቃል ለብዙ ደንበኞች እሺታ እንደሆነ አይዘንጋ።

ሐሙስ የሚላከው ወረቀት ከዚህ ሊረዝም አይገባም፦

«የለውጥ ጥያቄ ቁጥር 1። የተጠየቀው፦ እንግዶች በድረ ገጹ ላይ በቴሌብር እንዲከፍሉ። የሚጨመረው ሥራ፦ የክፍሎች መዝገብ 4 ቀን፣ የክፍያ ግንኙነት 3 ቀን፣ ሙከራ 2 ቀን። ተጨማሪ ዋጋ፦ 40,500 ብር፤ ግማሹ ሲፈረም ይከፈላል። የውሉ አዲስ ጠቅላላ ዋጋ፦ 220,500 ብር። ማስረከቢያው በ9 የሥራ ቀን ይራዘማል፤ የነጋዴው አካውንት እስኪፈቀድ የሚጠበቀው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። አካውንቱን የሚያስከፍተው ሆቴሉ ነው። ይህ ዋጋ ለ10 ቀን ይጸናል።»

የአካውንቱን መስመር ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከዋጋው እኩል እመለከተዋለሁ። ፈቃዱ ቢዘገይ መዘግየቱ በባለሙያው ላይ የሚቆጠረው ይህ መስመር ሲጎድል ነው።

ከወረቀቱ ጋር ምርጫ መቅረብ አለበት። ሥራ አስኪያጇ ከፍላ አሁን ልታሠራው ትችላለች። ድረ ገጹ በቀኑ ተከፍቶ ክፍያው በሁለተኛ ዙር እንዲሠራ ልታደርግም ትችላለች። አለዚያም ገና ያልተጀመረ ሌላ ሥራ አስቀርታ ወጪውን ልታቃልል ትችላለች። እንዲህ ሲቀርብላት የምትወስነው እርሷ ናት፤ ባለሙያው የከለከላት አይመስላትም። ወዳጅነቱን የሚያቆየው፣ በእኔ እምነት፣ ከለሰለሰ ቃል ይልቅ ይህ ነው።

ሁሉም ጥያቄ ግን ለውጥ አይደለም፤ እዚህ ላይ ባለሙያው ለራሱ እንዳያዳላ መጠንቀቅ አለበት። ቅጹ በስልክ ስክሪን ላይ ተቆርጦ ቢታይ ያ የእርሱ ጉድለት ነው፤ ያለ ክፍያ ያስተካክላል። ውሉ «አምስት ገጽ» ብሎ የትኞቹ እንደሆኑ ሳይዘረዝር ቀርቶ ደንበኛዋ የአዳራሹ ገጽ ከአምስቱ አንዱ መስሏት ከነበረ፣ ክርክሩ የሚመነጨው ከውሉ ድፍንነት ነው። እንዲህ ያለውን በለውጥ ጥያቄ ማስከፈል አይገባም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገርና የተስማሙበትን መጻፍ ይሻላል። ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ ነገር፣ ለምሳሌ የስልክ ቁጥር መቀየር፣ በነጻ ቢሠራ መልካም ነው። ሆኖም እርሱም «ዋጋ፦ 0 ብር» ተብሎ ቢመዘገብ ደንበኛዋ ምን ያህል እንደተደረገላት ታያለች፤ አሥረኛዋ ትንሽ ነገር ስትመጣም የሚያሳዩት መዝገብ ይኖራል።

ሌላው ችግር የጠያቂው ማንነት ነው። የሆቴሉ ባለቤት ወንድም ደውሎ ቀለሙ ይቀየር ይላል፤ የሒሳብ ሹሙ ሌላ ያዛል። ውሉ ለውጥ የመፈረም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ከጠቀሰ፣ «ሐሳብዎን ለሥራ አስኪያጇ አቅርቤ ከተፈረመልኝ እሠራዋለሁ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ዋናው ውል ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1722 በተለየ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን የድረ ገጽ ሥራን የመሰለ ውል በቃልም ሊደረግ ስለሚችል በዚህ ብቻ መተማመን አይበቃም። «ማንኛውም ለውጥ በጽሑፍ ተደርጎ በሁለቱም ወገኖች ሲፈረም ብቻ ይጸናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይግባበት።

ሥራ አስኪያጇ ሳትፈርም «አንተ ጀምር፣ እንስማማለን» ብትልስ? ያልተፈረመው አይጀመር፤ የተፈረመው ደግሞ አይቁም። ዋናውን ሥራ ለማስፈራሪያ ያቆመ ባለሙያ ውል አፍራሹ ራሱ ይሆናል። አስቀድሞ ሠርቶ ኋላ ወረቀት ማቅረብም እንዲሁ አያዋጣም፤ ደንበኛዋ መምረጥ የምትችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ የመጣ ዋጋ ለእርሷ ያላዘዘችው ዕዳ ነው። የሚሻለው አጭር ማስታወሻ ነው፦ «ቁጥር 1 እስከ ሰኞ ከተፈረመ አሁን ባለው ዙር ይገባል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ድረ ገጹን በውሉ መሠረት አስረክቤ በሁለተኛው ዙር እሠራዋለሁ።» የርክክቡ ዕለት ሁለቱ ወገኖች አንድ በአንድ የሚያመሳክሩትም ዋናውን ውልና ቁጥር ተሰጥቷቸው የተፈረሙትን ለውጦች ብቻ ይሆናል።