ፒኤች እና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፦ የአዋሽ ሸለቆ የመጠጥና የመስኖ ውሃ ንባቦች

ፒኤች እና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በውሃ ጥራት ምርመራ በቅድሚያ የሚለኩ ሁለት መጠኖች ሲሆኑ፣ ሁለቱም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ውሃው በተቀዳበት ቦታ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊነበቡ ይችላሉ። ፒኤች ውሃው አሲዳማ ወይም አልካላይን መሆኑን ሲያሳይ፣ አስተላላፊነት በውሃው ውስጥ የሟሙት ጨዎች በጥቅሉ ምን ያህል እንደሆኑ ይጠቁማል። ጨዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አስተላላፊነት ብቻውን አይናገርም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በመካከለኛው አዋሽ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ተጣምረው ካልተነበቡ የሚያሳስቱት በዚህ ምክንያት ነው።

የፒኤች መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 የሚዘረጋ ሲሆን 7 ገለልተኛ ነው። እያንዳንዱ አንድ ቁጥር የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ፣ ከ8.5 ወደ 9.5 መሄድ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም በውሃው ውስጥ ትልቅ ለውጥ ነው። አስተላላፊነት ለመጠጥ ውሃ በማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር፣ ለመስኖ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዴሲሲመንስ በሜትር ይጻፋል፤ 1 ዴሲሲመንስ በሜትር 1000 ማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር ነው። የማይክሮሲመንሱ ቁጥር በ0.64 ሲባዛ የሟሙትን ነገሮች መጠን በሚሊ ግራም በሊትር በግምት ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ማባዣው እንደ ጨዎቹ ዓይነት ከ0.55 እስከ 0.75 ሊለያይ ይችላል።

ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት በፒኤች ላይ በጤና ምክንያት የተቀመጠ ገደብ የለውም። በተለምዶ የሚጠቀሰው ከ6.5 እስከ 8.5 ያለው ወሰን ይበልጥ የሚመለከተው ቧንቧውንና ማጣሪያውን ነው፤ ከ6.5 በታች የወረደ ውሃ የብረት ቧንቧን እየበላ ዝገቱን ወደ ባልዲው ያመጣል። ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ ክሎሪን ጉልበቱን ያጣል። በ7.5 አካባቢ ከነጻው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ጀርምን በብርቱ በሚገድለው መልኩ ሲገኝ፣ በ8.5 ላይ ይህ ድርሻ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ በአልካላይን ጉድጓድ ላይ የተለመደውን የክሎሪን መጠን ጨምሮ የተለመደውን ያህል ጊዜ ብቻ መጠበቅ በቂ አይሆንም። አስተላላፊነት በበኩሉ ከጣዕም ጋር ይያያዛል፤ 1500 ማይክሮሲመንስ አካባቢ ሲደርስ የሟሙት ነገሮች ወደ 1000 ሚሊ ግራም በሊትር ስለሚጠጉ ብዙ ሰው ውሃውን ጨዋማ ብሎ ይተወዋል።

በመስኖ ረገድ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በታች ያለውን ውሃ ከጨዋማነት አንጻር ያለ ገደብ እንዲያገለግል ይፈቅዳል፤ ከ0.7 እስከ 3 ያለው ጥንቃቄ ይሻል፣ ከ3 በላይ ያለው ደግሞ ከባድ ገደብ አለበት። ይህ ሠንጠረዥ በአገራችን ፈተና ከገጠመው ቦታ አንዱ፣ የዘመናዊ መስኖ እርሻችን መነሻ በሆነው በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ ነው።

በፈንታሌ ተራራ ግርጌ የሚገኘው በሰቃ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን ከ2000 በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ70 ዴሲሲመንስ በላይ የነበረው አስተላላፊነቱ ሐይቁ እየሰፋ ሲሄድ ከ10 በታች ወርዷል፤ ፒኤቹ ግን ከ9 በላይ እንደሆነ ቆይቷል። ስለ መስፋቱ ምክንያት አጥኚዎች አልተስማሙም። ከእርሻው የሚመለሰው የመስኖ ውሃ ድርሻ እንዳለው የሚያከራክር አይመስልም፤ የፍል ውሃ ምንጮችና የመሬት ውስጥ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደጨመሩበት ግን የሚቀርቡት ግምቶች በእጅጉ ይራራቃሉ። ሐይቁ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ሲፈታተን ውሃው በተመጠነ ድርሻ ወደ አዋሽ ወንዝ እንዲለቀቅ ተደርጓል፤ ታችኛው ተፋሰስ ያሉ ገበሬዎች የሚጠይቁትም ይህ ድርሻ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ነው።

ስሌቱን ለማሳየት ወንዙ 0.35፣ ሐይቁ 6 ዴሲሲመንስ ነው እንበል። ከመቶ 2 እጅ የሐይቅ ውሃ ሲቀላቀል ድብልቁ 0.46 ገደማ ይሆናል፤ 10 እጅ ሲሆን ወደ 0.92 ይደርሳል። የመጀመሪያው ከ0.7 በታች ስለሆነ በሠንጠረዡ መሠረት ችግር የለበትም። ሸንኮራ አገዳ ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው በአፈሩ ውስጥ ያለው ጨዋማነት 1.7 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ ስለሆነ፣ ጨውን ከሥሩ በታች አጥቦ ለማውረድ የሚያስፈልገው ትርፍ ውሃ በተለመደው ቀመር ለመጀመሪያው ድብልቅ ከመቶ 6 እጅ፣ ለሁለተኛው 12 እጅ ገደማ ይሆናል። ይህ ትርፍ ውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል። ማጠንፈፊያ ቦይ ከሌለ የከርሰ ምድር ውሃውን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለው ውሃ በትነት ወደ ላይ ሲወጣም ጨዉን በአፈሩ ገጽ ላይ ትቶ ይሄዳል። ማሳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት መነሻው ይህ ነው።

አስተላላፊነት የማያሳየው ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። ሁለት ውሃዎች እኩል 0.7 ዴሲሲመንስ ቢያሳዩና የአንደኛው ፒኤች 7.6፣ የሁለተኛው 8.8 ቢሆን፣ የመጀመሪያው በካልሲየም፣ ሁለተኛው በሶዲየም ባይካርቦኔት የበለጸገ መሆኑ በብርቱ ይጠረጠራል። የበሰቃ ውሃ የሁለተኛው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ወደ ኖራ ድንጋይ ለውጦ ያስቀረዋል፤ ብቻውን የቀረው ሶዲየም የሸክላ አፈሩን ቅንጣቶች ይበትናል፣ ገጹ ይደርቅና ይታሸጋል፣ ውሃውም ሳይሰርግ በቦይ ውስጥ ይተኛል። በመስክ ላይ ምልክቱ ከመስኖ በኋላ ለረጅም ጊዜ የማይሰርግ ኩሬና ሲደርቅ የጠቆረ ገጽ ነው። መድኃኒቱ ለአፈሩ ካልሲየም የሚመልሰው ጂፕሰም ሲሆን፣ ጂፕሰም ሲጨመር የውሃው አስተላላፊነት ይጨምራል፤ ቁጥሩን ብቻ የሚከታተል ሰው ውሃው የተበላሸ ይመስለዋል፣ እውነታው ግን የአፈሩ የመስረግ አቅም ተሻሽሏል።

ይኸው የሶዲየም ባይካርቦኔት ባሕርይ የመጠጥ ውሃንም ይነካል። ካልሲየም አነስተኛ በሆነበት አልካላይን ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚያስቀረው ነገር ስለማያገኝ እንደሟሟ ይቀራል። የወንጂ አካባቢ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ፍሎራይድ ሲበዛ በሚያመጣው የጥርስና የአጥንት ጉዳት፣ በፍሎሮሲስ፣ የተጎዱት ከጉድጓድ የተቀዳ እንዲህ ያለ ውሃ በመጠጣታቸው ነው። የዚህ ዓይነት ጉድጓድ አስተላላፊነት ከጣዕም ገደቡ በታች ሊሆን፣ ውሃውም ጥሩ ሊጥም ይችላል። ሁለቱም መሣሪያዎች ፍሎራይድንም ሆነ ጀርምን አይለኩም።

ንባቡ ራሱ የሚሳሳትባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። በሸለቆው ውሃ ላይ የፒኤች መሣሪያ በ7 እና በ10 መለኪያ ፈሳሾች መስተካከል አለበት፤ በ4 እና በ7 የተስተካከለ መሣሪያ ከወሰኑ ውጪ እየገመተ ነው። የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ ቆይቶ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመልጥ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ በቦታው መለካት ግድ ነው። አስተላላፊነት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከመቶ 2 እጅ ያህል ስለሚለወጥ፣ መሣሪያው ወደ 25 ዲግሪ የሚያስተካክል መሆኑ ይረጋገጥ፤ በፍል ውሃ ምንጭ ላይ ይህ ቸል ከተባለ ስህተቱ ትልቅ ነው። ፒኤች 8.5 ሲያልፍ፣ አስተላላፊነቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ናሙናው ለመስኖ ከሆነ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት፣ ለመጠጥ ከሆነ ደግሞ በተጨማሪ ፍሎራይድ እንዲለካ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።