ቶክን ባኬት ምንድን ነው? ገደቡስ የት ይቀመጥ?

አንድ ኤፒአይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በደቂቃ 300 ሪኩዌስት ይፈቅዳል እንበል። ቀላሉ ዘዴ ቆጣሪ ነው፤ ደቂቃው ሲያልቅ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጣጣው የሚመጣው ደቂቃ ሲቀየር ነው። ደንበኛው በ59ኛው ሰከንድ 300 ይልካል፣ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ሌላ 300 ይደግማል። በቆጣሪው ዓይን የተጣሰ ሕግ የለም። ዳታቤዙ ላይ ግን በሁለት ሰከንድ 600 ሪኩዌስት ወረደበት።

ቶክን ባኬት ይህን ቀዳዳ ይዘጋል። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ባልዲ አለው። ባልዲው ውስጥ ቶክን በቋሚ ፍጥነት ይጨመራል፤ ሞልቶ የተረፈው ይፈሳል። አንድ ሪኩዌስት ሲመጣ አንድ ቶክን ይወስዳል። ቶክን ከሌለ «ሪኩዌስት አብዝተሃል» የሚለው የ429 ስህተት ይመለስለታል። የምትወስኑት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ባልዲው ስንት ይይዛል? በሰከንድ ስንት ይጨመርበታል?

ባልዲው 20 ይይዛል፣ በሰከንድ 5 ይጨመርበታል እንበል። ደንበኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ስለቆየ ባልዲው ሙሉ ነው። አፑን ሲከፍት 12 ሪኩዌስት በአንዴ ይልካል። ሁሉም ያልፋሉ፣ 8 ቶክን ይቀራል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ 13 ሆኗል። አሁን 15 ቢልክ 13ቱ ያልፋሉ፣ ሁለቱ ይመለሳሉ። በየትኛውም አንድ ደቂቃ ውስጥ ቢበዛ የሚያልፈው 20 ሲደመር 5 በ60፣ ማለትም 320 ነው። ደንበኛው ሰዓት ጠብቆ ሊያታልለው አይችልም። እኔ ይህን ዘዴ የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ ገጽ ሲከፈት የሚመጣውን የተለመደ ግርግር ይታገሳል፣ ያለማቋረጥ የሚደበድበውን ግን ይይዛል።

ባልዲውን በየሰከንዱ የሚሞላ ፕሮግራም አያስፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ ይቀመጣል፤ የቀረው ቶክን እና መጨረሻ የታየበት ሰዓት። ሪኩዌስት ሲመጣ በመካከል ያለፈው ሰከንድ ይሰላል።

```
tokens = min(20, tokens + 5 * elapsed)
```

እስካሁን ያለው ለአንድ ሰርቨር ነው። ሪኩዌስቱን ከሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ጀርባ አራት ሰርቨሮች ካሉ እና እያንዳንዱ ባልዲውን በራሱ ሜሞሪ ከያዘ፣ ደንበኛው አራት ባልዲ አገኘ ማለት ነው። በሰከንድ 5 ያላችሁት 20 ይሆናል። «ታዲያ ለአራት እናካፍለው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ብዙ ደንበኞች አንድ ኮኔክሽን ከፍተው እሱኑ ደጋግመው ይጠቀማሉ። ያ ኮኔክሽን አንድ ሰርቨር ላይ ከተጣበቀ፣ ደንበኛው ከተፈቀደለት ሩቡን ብቻ ያገኛል። በሰከንድ 2 እየላከ 429 የሚደርሰው ሰው ቅሬታ ካቀረበ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው።

ስለዚህ ባልዲው ሁሉም የሚያዩት ቦታ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሬዲስ በሚባለው፣ ዳታውን ሜሞሪ ውስጥ በሚይዝ ፈጣን ዳታቤዝ ላይ። እዚህም ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ አንድ ቶክን ብቻ ቀርቶ ሁለት ሰርቨሮች እኩል ሊያነቡት ይችላሉ። ሁለቱም «1 አለ» ብለው ያሳልፋሉ። ማንበቡ፣ ማስላቱ እና መጻፉ በአንድ የሉዋ ስክሪፕት ውስጥ ሬዲስ ላይ ከሄደ ግን መሃል የሚገባ የለም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። የአንዱ ሰርቨር ሰዓት ከሌላው በሁለት ሰከንድ ከቀደመ፣ ያላለፈ ጊዜ እንዳለፈ ተቆጥሮ 10 ቶክን በነጻ ይጨመራል። ወደ ኋላ የቀረው ሰርቨር ደግሞ የራሱን ሰዓት መልሶ ሲጽፍ ስህተቱ እንደገና ይደገማል። መፍትሔው ሰዓቱን ከራሱ ከሬዲስ፣ በ`TIME` መጠየቅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ገደቡ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ባልዲው ሬዲስ ላይ ቢሆንም፣ ገደቡን የማስፈትሸው ሪኩዌስት ሁሉ መጀመሪያ በሚያልፍበት ጌትዌይ ላይ፣ የደንበኛው ቁልፍ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው አይፒ አድራሻ ብቻ ነው። በሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ብዙ ሰው አንድ አይፒ ሊጋራ ይችላል። በአይፒ ጠበቅ ያለ ገደብ ካስቀመጣችሁ፣ አንዱ ባጠፋ ሌላው ይቀጣል። የአይፒ ገደብ ይኑር፣ ግን ሰፋ ያለ፣ ጎርፍ ለማቆም ብቻ። እንደ ሪፖርት ማውጣት ያለ ከባድ ሥራ ካለ ደግሞ አንድ ሪኩዌስት 10 ቶክን እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል።

ሬዲሱ ራሱ ቢወድቅስ? አስቀድሞ ካልተወሰነ ኤፒአዩ አብሮ ይቆማል። ለተራ ንባብ፣ መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ካልመጣ እያንዳንዱ ጌትዌይ ለጊዜው ወደ ራሱ ሜሞሪ ባልዲ ይመለስ። ገደቡ ይላላል፣ አገልግሎቱ ግን ይቀጥላል። የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ የሚልከው በር ግን በዚያ ሰዓት ይዘጋ። እዚያ ገደቡ ከላላ አንድ ስክሪፕት የኤስኤምኤስ ሂሳባችሁን ሊጨርሰው ይችላል።