በቤተሰብ ሱቅ ዕቅድ ውስጥ የርክክብና የቀጣይነት ክፍል

የርክክብና የቀጣይነት ክፍል የሚባለው ባለቤቱ ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲደክመው ሱቁ በማን እጅ፣ በማን ስምና በምን ገንዘብ እንደሚቀጥል የሚወስነው የዕቅዱ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአራብሳም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት ባሉ ሱቆች፣ ዕቅድ ቢጻፍ እንኳ ይህ ክፍል «ልጄ ይቀጥላል» በሚል አንድ መስመር ያልቃል። መስመሩ ሁለት ጥያቄዎችን ያደባልቃል፦ ሱቁን ማን ያሠራዋል፣ ሱቁ የማን ነው?

ለሁለተኛው ጥያቄ ሕጉ የራሱ መልስ አለው። በአዲስ አበባ በሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት ተቃራኒው ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። (ከከተማው ወሰን ማዶ ያለ ሱቅ በኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ ይታያል።) ስለዚህ አባት ቢሞት ግማሹ ድሮም የእናት ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው ቀሪው ግማሽ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ። አሥር ዓመት መደርደሪያ ሲጠርግ የኖረውና ሱቁን ረግጦ የማያውቀው አንድ ናቸው።

ምሳሌ እንውሰድ። በመደርደሪያና በመጋዘን ያለው ዕቃ በመግዣ ዋጋው 800 ሺህ ብር፣ በእጅና በባንክ ያለው 100 ሺህ ብር ነው እንበል። የዱቤ ደብተሩ 90 ሺህ ብር ያሳያል፤ ከዚህ ውስጥ ሰፈር የለቀቁትንና ዓመት ያለፋቸውን ስናወጣ የሚሰበሰበው 60 ሺህ ነው። ለአከፋፋዮች ያለበት ዕዳ ደግሞ 160 ሺህ። የተጣራው 800 ሺህ ብር ይሆናል። እናት 400 ሺህ ስትይዝ አራቱ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 100 ሺህ ይደርሳቸዋል። ሱቁን የሚቀጥለው ልጅ እንግዲህ ለወንድምና እህቶቹ 300 ሺህ ብር መክፈል አለበት ማለት ነው። ባንድ ጊዜ ክፈል ከተባለ ዕቃውን በጥድፊያ ከመሸጥ ሌላ መንገድ የለውም፤ ያን ጊዜ የሚወረስ ሱቅ የለም።

ዕቅዱ እዚህ ላይ ነው ሥራውን የሚሠራው። ሱቁ ከኪራይና ከደመወዝ በኋላ በወር 22 ሺህ ብር የሚያተርፍ ከሆነ፣ ልጁ በወር 10 ሺህ እየከፈለ በ30 ወር ይጨርሳል። እናት ድርሻዋን ሱቁ ውስጥ ትታ በወር 6 ሺህ ብትወስድ ለክፉ ቀን 6 ሺህ ይቀራል። ጠባብ ነው፤ አንድ መጥፎ ወር ያናጋዋል። ስለዚህ ክፍያው በየትኛው ወር ሊዘለል እንደሚችል አስቀድሞ ተጽፎ ሁሉም ልጆች ቢፈርሙበት ይሻላል።

«ደመወዝ» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ቤት ልጅ የሚሠራው በምግብና በኪስ ገንዘብ ነው። ስድስት ዓመት እንዲህ የሠራ ልጅ በክፍፍል ጊዜ «ድካሜስ?» ማለቱ አይቀርም፤ ማስረጃ ግን የለውም። የወር ደመወዙ ተወስኖ፣ ያልተከፈለው ደግሞ እንደ ሱቁ ዕዳ በደብተር ከተመዘገበ፣ ጥያቄው ከቂምነት ወደ ሒሳብነት ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ቤተሰብ የሚበትነው ይህ ያልተመዘገበ ድካም ይመስለኛል።

ሌላው ወጥመድ ውክልና ነው። «ለልጄ ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብለው የሚተኙ ባለሱቆች አሉ። ውክልና ለሕመምና ለጉዞ ይጠቅማል፤ ወካዩ ሲሞት ግን በመርህ ደረጃ አብሮ ያበቃል። በሟች ስም ያለ የባንክ ሒሳብ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪመጣ አይንቀሳቀስም፣ ንግድ ፈቃዱም በስም የተሰጠ ስለሆነ ወራሹ በራሱ ስም ማውጣት ይኖርበታል። እስከዚያው አከፋፋይና አከራይ ገንዘባቸውን ይጠይቃሉ፣ እርጎና ዳቦ ይበላሻል። ስለዚህ ከሰልስት እስከ አርባ ያለው ጊዜ ለብቻው ይጻፋል፦ ሱቁ በስንተኛው ቀን ይከፈታል፣ ቁልፍ የማን ነው፣ ገንዘቡን ማን ይቆጥራል። እቁቡም አይረሳ። ዕጣው ከወጣ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው፣ ካልወጣ ሀብት፤ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነው።

ልጆች ሁሉ እኩል ከሚወርሱበት የተለየ ክፍፍል የሚፈልግ ባለቤት ኑዛዜ ያስፈልገዋል። በራስ እጅ የሚጻፍ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ እያንዳንዱም ገጽ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ሌላ ሰው ጽፎት በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብና የሚፈረም ኑዛዜም ይቻላል። ልጅ በኮምፒውተር ጽፎት አባት ብቻውን የፈረመው ወረቀት ሁለቱንም አያሟላም።

ክፍሉ መሥራቱ የሚፈተነው በቀላል መንገድ ነው፦ ባለቤቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቁ አይደርስም። ተተኪው ስልክ ደውሎ የጠየቀው ነገር ሁሉ፣ ማን በዱቤ እንደሚወስድ፣ ዘይቱ ከየትኛው አከፋፋይ በስንት እንደሚመጣ፣ ያ የጎደለው ገጽ ነው።